ለስላሳው ሞተር ለምን ነዳጅ ይበላል?

የአንድ ተራ መኪና ሞተር ሲፈታ ጠረጴዛው ወዲያው ይሞላል። ፒስተኖቹ፣ ፒስተኖቹን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዙት ክንዶች፣ ቫልቮቹ፣ የቫልቮቹ ስፕሪንጎች፣ ካምሻፍቱ፣ ካምሻፍቱን የሚያዞረው ካቴና፣ ሁሉም ተራ በተራ ይደረደራሉ። የማዝዳ 13ቢ ሞተር ሲፈታ ግን ኃይል በማመንጨቱ ሥራ ላይ የሚንቀሳቀሱት ዋና ዋና ዕቃዎች ሦስት ብቻ ሆነው ይገኛሉ፤ ሁለት ሦስት ማዕዘን ሮተሮችና አንድ ዘንግ። ቫልቭ የለም፣ ካምሻፍት የለም፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ነገር የለም።

ይህ ሞተር በዓለም ዙሪያ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው ልስላሴው ነው፤ ከ6,000 ዙር በላይ ሲወጣ ሌላው ሞተር መንቀጥቀጥ በሚጀምርበት ቦታ እሱ ይበልጥ ይሰክናል። ሁለተኛው ነዳጅ መብላቱ ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለት ነገሮች እንደ አንድ ጥሩና አንድ መጥፎ ዕጣ ቆጥሮ ያልፋቸዋል። ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ላየው ግን የሚመነጩት ከአንድ ቦታ ነው፤ ነዳጁና አየሩ የሚታመቁበትና የሚቃጠሉበት ክፍል አንድ ቦታ ላይ አይቆምም፣ ከሮተሩ ጋር እየተጓዘ ነው የሚሠራው። ልስላሴውን የሰጠው ይህ ጉዞ ነው፤ የነዳጁንም ሂሳብ ያስወደደው እሱው ነው።

ሮተሩ እንዴት ይዞራል?

የ13ቢ ሮተር ጎኖቹ ወደ ውጭ ሞላ ያሉ፣ ሦስት ጫፎች ያሉት ወፍራም የብረት ቁራጭ ነው። ከመሀሉ እስከ ጫፉ 105 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ ደግሞ 80 ሚሊ ሜትር ነው። የሚገባበት ቤት ክብ አይደለም። ወገቡ ላይ ጠበብ ብሎ ግራና ቀኙ የሰፋ፣ ሁለት ፍሬ የያዘ የለውዝ ቅርፊት የሚመስል ነው። ይህ ቅርጽ በግምት የተሳለ ሳይሆን ከሮተሩ እንቅስቃሴ ራሱ የተወለደ ነው። ሮተሩ ሲዞር ጫፉ የሚሄድበትን መንገድ ብንከተለው የቤቱን ግድግዳ እናገኛለን። ስለዚህ ሦስቱም ጫፎች በየትኛውም ቅጽበት ግድግዳውን ይነካሉ፣ በሮተሩና በግድግዳው መካከልም ሁልጊዜ ሦስት የተለያዩ ክፍሎች ይኖራሉ።

ሮተሩ በሚዞርበት ጊዜ መሀሉ አንድ ቦታ አይቀመጥም። የሚያርፈው በዘንጉ ላይ ካለ ክብ እብጠት ላይ ሲሆን፣ የዚህ እብጠት መሀል ከዘንጉ መሀል በ15 ሚሊ ሜትር ወጣ ያለ ነው። ዘንጉ ሲዞር እብጠቱ ሮተሩን ይዞት ይዞራል፤ የሮተሩ መሀልም ከዘንጉ መሀል በ15 ሚሊ ሜትር ርቆ ክብ ይሠራል። በዚያው ላይ ሮተሩ በራሱ ዙሪያም ይዞራል፣ ግን ከዘንጉ በዝግታ።

ይህን ዝግታ የሚወስነው ጥርሱ ነው። በሮተሩ ሆድ ውስጥ 51 ጥርስ ያለው ቀለበት አለ፤ በሞተሩ የጎን ግድግዳ ላይ ደግሞ ፈጽሞ የማይዞር፣ 34 ጥርስ ያለው ትንሽ ማርሽ በቡሎን ታስሯል። ትልቁ ቀለበት በማይዞረው ማርሽ ዙሪያ ይንከባለላል። ዘንጉ አንድ ጊዜ ሲዞር ቀለበቱ 34 ጥርስ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። 34 ከ51 ሁለት ሦስተኛ ነው፤ የሚተርፈው አንድ ሦስተኛ ዙር ነው። ስለዚህ ዘንጉ ሦስት ጊዜ ሲዞር ሮተሩ አንድ ጊዜ ይዞራል። የመኪናው ሰዓት 9,000 ዙር ሲያሳይ ሮተሩ የሚዞረው 3,000 ጊዜ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ እኔ ግን ከሞተሩ ሁሉ የማደንቀው ይህንን ነው፤ እንዲህ ያለው ውስብስብ የሚመስል እንቅስቃሴ በሁለት ማርሽ ብቻ መገዛቱን።

አሁን ከሦስቱ ክፍሎች አንዱን መርጠን እንከተለው። አንዱ የሮተር ጫፍ የመግቢያውን ቀዳዳ አልፎ ሲሄድ ከኋላው ያለው ክፍል እየሰፋ አየርና ቤንዚን ይስባል። ሮተሩ ሲቀጥል ያ ክፍል ከመግቢያው ይለያል፣ ከዚያም ወደ ጠባቡ ወገብ እየተገፋ ይታመቃል። ወገቡ ላይ ሲደርስ ካንዴላዎቹ ይጠብቁታል። እሳቱ ሲነሳ ጋዙ ሮተሩን ይገፋዋል፣ ሮተሩ እብጠቱን ይገፋል፣ እብጠቱ ዘንጉን ያዞራል። በመጨረሻ ጫፉ የመውጫውን ቀዳዳ ሲከፍት የተቃጠለው ጋዝ ወጥቶ ወደ ማርሚታው ይሄዳል። መሳብ፣ ማመቅ፣ መግፋትና ማስወጣት፤ ልክ እንደ ፒስተን ሞተር አራቱም አሉ። ልዩነቱ ፒስተን አራቱንም እዚያው አንድ ሲሊንደር ውስጥ ሲሠራ እዚህ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ሰፈር ያለው መሆኑ ነው። በመግቢያው በኩል ያለው ግድግዳ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ አየር ያገኛል፣ በካንዴላው በኩል ያለው ግድግዳ ሁልጊዜ እሳት ብቻ ያያል።

የልስላሴው ምንጭ

ፒስተን በአንድ የዘንግ ዙር ሁለት ጊዜ ይቆማል፤ አንዴ ላይኛው ጫፍ፣ አንዴ ታችኛው ጫፍ። በ6,000 ዙር ላይ ይህ በሴኮንድ 200 ጊዜ መቆምና እንደገና መነሳት ማለት ነው። ብረት ሲቆምና ሲነሳ የሚፈጥረው ግፊት ወደ ሞተሩ አካል፣ ከዚያም ወደ መኪናው ወለል ይተላለፋል። አራት ሲሊንደር ባለው ሞተር ሁለት ፒስተን ሲወጣ ሁለቱ ስለሚወርዱ ከግፊቱ ብዙው ይጠፋፋል። ሁሉም ግን አይጠፋፋም። ፒስተኑን የያዘው ክንድ ስለሚያዘነብል ፒስተኑ በላይኛው ግማሽ መንገዱ ከታችኛው ይፈጥናል፤ ይህ የፍጥነት ልዩነት ከዘንጉ ፍጥነት በእጥፍ የሚርገበገብ ንዝረት ትቶ ያልፋል። አንዳንድ አምራቾች ይህን ለማጥፋት ብቻ ሁለት ተጨማሪ ዘንጎች ሞተሩ ውስጥ ያስገባሉ።

የሮተሩ መሀል ግን መቼም አይቆምም። የሚሄደው በክብ ላይ ነው፤ በክብ ላይ የሚዞር ክብደት ደግሞ በተቃራኒው ወገን በተቀመጠ ሌላ ክብደት ሙሉ በሙሉ ይመጣጠናል። በ13ቢ ላይ ሁለቱ ሮተሮች እርስ በርስ በግማሽ ዙር ተለያይተው ስለሚቀመጡ አንዱ የአንዱን ግፊት ያጠፋል። ሮተሮቹ ፊትና ኋላ ስለሆኑ የሚቀረውን የማወዛወዝ ዝንባሌ ደግሞ በዘንጉ ሁለት ጫፎች ላይ የተቀመጡ የማመጣጠኛ ክብደቶች ይይዙታል። ከዚያ በኋላ የሚተርፍ የሁለት እጥፍ ንዝረት የለም፤ የሚፈጥረው ክንድ ራሱ የለምና።

ሁለተኛው የልስላሴ ምክንያት የግፊቱ ርዝመት ነው። በፒስተን ሞተር ጋዙ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንጉ ግማሽ ዙር እስኪሄድ፣ ማለትም 180 ዲግሪ ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በየግማሽ ዙሩ አንድ ጊዜ ይተኩሳል፤ ስለዚህ አንዱ ግፊት ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል፣ በመካከላቸውም ዘንጉ ምንም የማይገፋበት ቅጽበት ይፈጠራል። በሮተሪ ሞተር እያንዳንዱ ሥራ የሚወስደው 270 የዘንግ ዲግሪ ነው፤ አራቱ ሥራዎች 1,080 ዲግሪ ይወስዳሉ፣ ይህም ሦስት የዘንግ ዙር ነው። 13ቢም እንደ አራት ሲሊንደሩ በየግማሽ ዙሩ ይተኩሳል። ነገር ግን የአንዱ ሮተር ግፊት ገና ሳያልቅ የሌላው ይጀምራል፤ በቅርጹ ሂሳብ መሠረት ሁለቱ ለ90 ዲግሪ ያህል አብረው ይገፋሉ። ዘንጉ ያለ ገፊ የሚቀርበት ጊዜ የለም ማለት ነው። ሹፌሩ በእግሩ ሥር የሚሰማው ያ ልስላሴ ይህ ነው።

1.3 ሊትር የተባለው

ስለ ነዳጁ ከማውራታችን በፊት አንድ አለመግባባት መፍታት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከወቀሳው የተወሰነው ክፍል ሞተሩን በትክክል ካለመለካት የመጣ ነው።

የአንድ ክፍል መጠን የሚሰላው በዚህ ቀመር ነው፤

V = 3√3 × e × R × b

እዚህ ላይ e ያ የ15 ሚሊ ሜትር መውጣት ነው፣ R ከመሀል እስከ ጫፍ ያለው 105 ሚሊ ሜትር ነው፣ b ደግሞ የ80 ሚሊ ሜትሩ ውፍረት ነው። ሲባዛ 654 ሲሲ ይሰጣል። ሁለት ሮተር ስላለ 1,308 ሲሲ ይሆናል፤ በመኪናው ወረቀት ላይ 1.3 ሊትር ተብሎ የሚጻፈውም ይኸው ነው።

ግን ይህ ሂሳብ ከእያንዳንዱ ሮተር አንድ ክፍል ብቻ ይቆጥራል። ተራ የአራት ምት ሞተር ሙሉ መጠኑን አየር ለመሳብ ሁለት የዘንግ ዙር ይፈጅበታል። በእነዚያው ሁለት ዙሮች 13ቢ ከእያንዳንዱ ሮተር ሁለት ክፍል፣ በድምሩ አራት ክፍል አየር ይስባል። አራት ጊዜ 654 ሲደመር 2.6 ሊትር ነው። ስለዚህ 13ቢን ከ1.3 ሊትር ቶዮታ ጋር አቁሞ ነዳጅ በላ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ትክክለኛ እኩያው 2.6 ሊትር ሞተር ነው። የጃፓን መንግሥትም ይህን ስለሚያውቅ የሮተሪ መኪና ግብር ሲያሰላ የተጻፈውን መጠን በ1.5 ያባዛዋል።

ይህ ሁሉ ታስቦም ቢሆን ሞተሩ ከ2.6 ሊትር እኩያው የበለጠ ነዳጅ ይበላል። የቀረው እውነተኛው ጥማት ነው፤ እሱን ለማየት ወደ ጠባቡ ወገብ መመለስ አለብን።

አምስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እሳት

እ.ኤ.አ. በ1984 በአርኤክስ-7 መኪና ላይ የወጣው 13ቢ የሚያምቀው 9.4 ለ1 ነበር። ይህ ማለት ጋዙ ሙሉ በሙሉ ሲታመቅ የሚቀረው ቦታ 78 ሲሲ ያህል ነው። እነዚያ 78 ሲሲዎች የሚዘረጉት በሮተሩ አንድ ጎን ላይ ነው፤ የጎኑ ርዝመት 182 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ስፋቱ 80 ሚሊ ሜትር። ብናካፍለው የጋዙ አማካይ ውፍረት ከ5 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

አሁን ያንኑ 654 ሲሲ ያለው፣ ስፋቱና ምቱ እኩል የሆነ የፒስተን ሲሊንደር እናስብ። ስፋቱ 94 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ያንኑ 78 ሲሲ በዚህ ክብ ላይ ብናነጥፈው ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ያው ጋዝ፣ ያው መታመቅ፤ በሮተሪው ውስጥ ግን እጥፍ ያህል ሰፊ ብረት ይነካል። የሚነካው ብረት በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ ዘንጉን መግፋት የነበረበት ሙቀት ከተነሳበት ቅጽበት ጀምሮ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ራዲያተሩ ይሸሻል። በካንዴላው ሰፈር ያለው ግድግዳ ቀዝቃዛ አየር ስለማያገኝ ደግሞ ጠንክሮ መቀዝቀዝ ግዴታው ነው። ከገዛነው ነዳጅ ብዙው የሚጠፋው እዚህ ነው፤ ማንም ሳያየው፣ ምንም ድምፅ ሳያሰማ።

እሳቱም ራሱ ችግር አለበት። በፒስተን ሞተር ካንዴላው መሀል ላይ ከተቀመጠ ነበልባሉ እስከ ጠርዙ 47 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሄዳል። እዚህ ክፍሉ ረጅምና ቀጭን ነው፤ በዚያ ላይ ይጓዛል። ሮተሩ በወገቡ ሲያልፍ ጋዙ ከኋለኛው የክፍሉ ጫፍ ወደ ፊተኛው በኃይል ይገፋል፣ ነበልባሉም አብሮ ወደ ፊት ይወሰዳል። ወደ ኋላ መሄድ የሚፈልገው ነበልባል ይህን ነፋስ ተቃውሞ መሄድ አለበት። በ6,000 ዙር ላይ ለዚህ ሁሉ ያለው ጊዜ በጣም ጥቂት ነው፤ ዘንጉ ሩብ ዙር የሚሄደው በሁለት ተኩል የሴኮንድ ሺህኛ ውስጥ ነው። የኋለኛው ጫፍ ደግሞ እየጠበበ ሄዶ ሹል ይሆናል፤ ነበልባል ከሁለት ቀዝቃዛ ብረቶች መካከል በጠበበ ቦታ ውስጥ ሲገባ ይጠፋል። በዚያ ጥግ ያለው ቤንዚን ሳይቃጠል ይቀራል፣ ከዚያም በመውጫው ወጥቶ ይሄዳል።

ማዝዳ ለአንድ ሮተር ሁለት ካንዴላ የሚሰጠው ለዚህ ነው። የፊተኛው መጀመሪያ ይተኩሳል፣ የኋለኛው ጥቂት ዲግሪ ዘግይቶ ይከተላል፤ ሥራው ያን የሚቀር ጥግ መድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በፈረንሳይ የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው ማዝዳ 787ቢ እነዚሁኑ 654 ሲሲ ክፍሎች ያሏቸው አራት ሮተሮች ደርድሮ ነበር፤ ለእያንዳንዱም ሦስት ካንዴላ ተሰጥቶታል። ሦስተኛው የተጨመረው ያው የኋለኛው ጥግ ስላስቸገረ ነው።

ጫፉ ላይ ያለችው ቀጭን ብረት

በሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያላት መዝጊያ ብረት ተሰክታለች፤ ከሥሯ ስፕሪንግ አለ። አንዱን ክፍል ከሌላው የምትለየው እሷ ናት። የፒስተን ቀለበት ሲሊንደሩን ዙሪያውን በሰፊ ጠርዝ ይነካል፣ ቀለበቶቹም ተደራርበው ይሠራሉ። የጫፍ መዝጊያዋ ግን ብቻዋን ናት፣ ግድግዳውንም የምትነካው በአንድ መስመር ብቻ ነው። ያ መስመር ደግሞ አይረጋም። ከቤቱ ቅርጽ የተነሳ መዝጊያዋ ግድግዳውን የምትነካበት ማዕዘን ወደ አንዱ ወገን እስከ 25 ዲግሪ፣ ወደ ሌላውም እስከ 25 ዲግሪ ይለዋወጣል። ዘንጉ 6,000 ዙር ሲዞር መዝጊያዋ ግድግዳው ላይ የምትንሸራተትበት ፍጥነት ወገቡ አካባቢ በሴኮንድ 13 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በሰፊው ጫፍ 31 ሜትር ይደርሳል፤ ይህም በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ሁሉ የምታደርገው ከአንድ ወገኗ እሳት፣ ከሌላ ወገኗ ቀዝቃዛ ጋዝ ይዛ ነው።

ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ሐሳቡን ወደ ሞተር ለውጦ በኤንኤስዩ ኩባንያ ውስጥ መጀመሪያ ያስነሳው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ከዚያ በኋላ የመጡትን መሐንዲሶች ሁሉ ያስለቀሰቻቸው ይህች መዝጊያ ናት። በሂሮሺማ ማዝዳ ውስጥ በኬኒቺ ያማሞቶ የሚመራው ቡድን የመጀመሪያ ሞተሮቹን ሲፈታ ግድግዳው ላይ እርስ በርስ የተጠጉ ብዙ ጭረቶች አገኘ፤ የሰይጣን ጥፍር አሏቸው። ምክንያቱ መዝጊያዋ በራሷ ተፈጥሯዊ ንዝረት ግድግዳው ላይ እየዘለለች መሄዷ ነበር። በካርቦንና በአሉሚኒየም የተሠራ መዝጊያ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ኮስሞ ስፖርት ለገበያ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ሙከራ ወስዷል። በዚያው ዓመት የወጣው የኤንኤስዩ ሮ 80 ግን በመዝጊያው መበላት ምክንያት ሞተር በዋስትና መቀየር በዝቶበት ስሙ ጎደፈ።

ጭረቱ ተፈታ፤ መፍሰሱ ግን ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። መዝጊያዋ በካንዴላው ቀዳዳ ላይ ባለፈች ቁጥር ጥቂት ጋዝ ወደ ጎረቤቱ ክፍል ያመልጣል። በሮተሩ ጎኖች ላይም የጎን መዝጊያዎች አሉ፤ እነሱና የጫፍ መዝጊያዋ የሚገናኙበት ጥግ ሌላ የመፍሰሻ ቦታ ነው። በዝቅተኛ ዙር ጋዙ ለማምለጥ ብዙ ጊዜ ስለሚያገኝ ጉዳቱ ይበልጣል። ሮተሪ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ከአውራ ጎዳና ይልቅ የሚጎዳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መዝጊያዋ ደረቅ ሆና መሥራት አትችልም። ስለዚህ አንድ ትንሽ ፓምፕ የሞተር ዘይት እየመጠነ ወደ ክፍሉ ያስገባላታል፤ ያ ዘይት ሥራውን ጨርሶ ይቃጠላል። ሮተሪ ያለው ሰው ዘይቱ ሲቀንስ ሞተሩ ታመመ ብሎ መደንገጥ የለበትም፤ እንዲቀንስ ሆኖ ነው የተሠራው። ይልቅ የሚያስደነግጠው ቤንዚን በቀዳ ቁጥር የዘይቱን መለኪያ አውጥቶ ያለማየት ልማድ ነው።

መውጫውን ወደ ጎን ማዞር

እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ ማዝዳ በአሜሪካ ገበያ ክፉኛ ወደቀ። ጄኔራል ሞተርስ የራሱን የሮተሪ ዕቅድ ተወ፣ ሲትሮዬን ጥቂት መቶ ሠርቶ ብዙዎቹን ከደንበኞቹ መልሶ ገዝቶ አፈራረሰ። ማዝዳ ግን አልለቀቀም፤ የነዳጅ ቁጠባውን በ40 ከመቶ ለማሻሻል ዕቅድ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ1978 አርኤክስ-7ን ይዞ ተመለሰ።

ለዚህ ጽሑፍ ግን ይበልጥ የሚያስተምረው እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአርኤክስ-8 ሞተር፣ ሬኔሲስ ነው። ከዚያ በፊት የተቃጠለው ጋዝ የሚወጣው በቤቱ ግድግዳ ላይ ባለ ቀዳዳ ነበር። ይህ ቀዳዳ ቀድሞ ስለሚከፈት ጋዙ ገና መግፋት እየቻለ ይወጣል፤ የሮተሪ ጭስ እጅግ የሚሞቀው በዚህ ነው። በዚያ ላይ መውጫውና መግቢያው አብረው የሚከፈቱበት ጊዜ ስለነበረ፣ በሚኒሞ የተቃጠለ ጋዝ ወደ አዲሱ ይቀላቀላል፣ እሳቱም ይዛባል። የሬኔሲስ መሐንዲሶች መውጫውን ከዙሪያው ግድግዳ አንስተው ወደ ጎን ግድግዳው አዛወሩት። የሁለቱ ቀዳዳዎች አብሮ መከፈት ቀረ፣ መውጫውም ዘግይቶ መከፈት ቻለ። በዚያ ሹል ጥግ የቀረው ያልተቃጠለ ቤንዚንም ወደ ውጭ ከመጠረግ ይልቅ ለሚቀጥለው ዙር ተርፎ እንደገና የመቃጠል ዕድል አገኘ።

ይህ ብልህ ሥራ ነው፤ ልቀቱንም በእውነት ቀንሷል። ሆኖም የአሜሪካ መንግሥት ለአርኤክስ-8 የሰጠው የከተማ ፍጆታ በአንድ ጋሎን 16 ማይል ነበር፤ በአንድ ሊትር 7 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። መውጫው ተስተካከለ እንጂ ክፍሉ ቀጭን እንደሆነ ቀርቷል፣ መጓዙንም አልተወም። መኪናው እ.ኤ.አ. በ2012 መመረቱን አቆመ።

ያገለገለ አርኤክስ-8 የሚገዛ ሰው የሞተሩን ጤና የሚያውቅበት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ምልክት ሞተሩ ሞቆ ሲጠፋ እንደገና ለመነሳት ማስቸገሩ ነው፤ መዝጊያዎቹ ሲያረጁ መታመቁ ይደክማል፣ ሙቅ ሞተር ላይ ደግሞ ድካሙ ይጎላል። ማረጋገጫው የመታመቅ ልኬት ነው። ተራ የጋራዥ መለኪያ ከፍተኛውን ግፊት ብቻ ይዞ ስለሚቀር እዚህ ያሳስታል፤ ሦስት ክፍሎች በአንድ ካንዴላ ቀዳዳ ፊት ተራ በተራ ስለሚያልፉ አንድ ጤነኛ ክፍል የሁለት ታማሚዎችን ድካም ይሸፍናል። ለሮተሪ የተሠራው መለኪያ ለእያንዳንዱ ሮተር ሦስት ቁጥር ይሰጣል። ሞተሪኖው ሞተሩን በ250 ዙር እያዞረ ሲለካ ማዝዳ ለሬኔሲስ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ወሰን 680 ኪሎ ፓስካል ነው፤ በአንድ ሮተር ሦስት ክፍሎች መካከል ያለው ልዩነትም ከ150 መብለጥ የለበትም። ሁለት ተከታታይ ክፍሎች አብረው ከደከሙ መጠርጠር ያለበት በመካከላቸው ያለው የጫፍ መዝጊያ ነው፤ የሁለቱ የጋራ በር እሱ ነውና።

ሌላ አንድ ነገር ጤነኛ ሞተርንም ያስተኛል። ቀዝቃዛ ሞተር አስነስቶ መኪናውን ጥቂት ሜትር ካንቀሳቀሱ በኋላ ወዲያው ማጥፋት። ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ቤንዚን ስለሚቀበል የተረፈው ቤንዚን መዝጊያዎቹ ላይ ያለውን የዘይት ስስ ሽፋን ያጥበዋል። ዘይቱ ሲሄድ መዝጋቱም ይደክማል፣ ሞተሩም በሚቀጥለው ጊዜ አይነሳም።

ጎማውን የማይነካ ሞተር

እ.ኤ.አ. በ2023 ማዝዳ ሮተሪን ወደ ሽያጭ መለሰው፣ ግን በሌላ ሥራ። በኤምኤክስ-30 የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ 830 ሲሲ ያለው አንድ ሮተር ተቀምጦ ባትሪውን የሚሞላ ጀነሬተር ያዞራል። ጎማዎቹን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ሞተሩ ጎን መኪናው አፍንጫ ውስጥ የሚገባ ጠፍጣፋ ነገር ያስፈልግ ነበር፣ ኤሌክትሪክ መኪና የለመደ ተሳፋሪም መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወዲያው ያውቃል።

ጥማቱን ለመቀነስ የተሠራው ሥራ ከላይ ያየናቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ የነካ ነው። ቤንዚኑ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ይረጫል፣ ስለዚህ የት እንደሚደርስ መምራት ይቻላል። መታመቁ ወደ 11.9 ለ1 ከፍ ብሏል። የጫፍ መዝጊያው ከ2 ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር ወፍሯል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሞተሩ የእግርን ትእዛዝ መከተል መተዉ ይመስለኛል። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ በዝቅተኛ ዙር እየተጎተተ ጋዙን ለጎረቤቱ ክፍል ማፍሰስ አይጠበቅበትም፤ ጀነሬተሩ በሚመቸው ዙር ይሠራል፣ ባትሪው ሲበቃው ይጠፋል።